ከአንድ የሚጀምር ሜትር

ወንዙ ማንንም ሳያስፈቅድ መጣ። ዝናቡ የጣለው ላይኛው አገር ስለነበር ድልድዩ የሚሠራበት ሳይት ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ጭራሽ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የድልድዩ ሠራተኛ ሁሉ በየሥራው ላይ እንዳለ አፈር የመሰለ ውሃ ግንድና ቁጥቋጦ እየገፋ ደረሰ። ወንዙ ውስጥ የነበሩት ጫማቸውን እየጣሉ ሮጠው ወጡ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ለመካከለኛው ምሰሶ ጠጠር ሲዝቅ የነበረው የእስካቫተር ኦፕሬተር። ማሽኑን ወደ ዳር ልመልስ ብሎ ሲታገል ሞተሩ ውሃ ጠጣና ጠፋበት፤ ማሽኑም በአንድ ጎኑ ተጋድሞ የጠጠር ክምር ላይ ተደገፈ። ልጁ መስኮቱን ከፍቶ ጣራው ላይ ወጣ።

ማሙሽ ነው የሚሉት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጺሙ እንደ ጎልማሳ ተንዠርግጓል፤ ግን የቤት የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ማሙሽነቱን የሚቀማው አልተገኘም። ስሙን ሳይት ድረስ ተሸክማ ያመጣችበት እህቱ ናት። እህቱ ደግሞ የሳይቱ ቀያሽ ናት። ሥራውን ያገኘችለትም፣ «ዓይኔ ሥር ይሁንልሽ» ብላ እናታቸውን ያግባባችውም እሷው። አሁን ይኸው ዓይኗ ሥር ነው። ከወንዙ ዳር ቆማ የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር ታየዋለች፤ እጇን ብትዘረጋ ግን የምትነካው ነፋስ ብቻ ነው።

ሳይቱ ላይ አንድ ክሬን አለ። የሚቆምበት ቦታም አንድ ብቻ ነው፤ ከዳሩ ፈንጠር ብሎ የተሠራ የኮንክሪት መደብ። ከመደቡ ወዲያ ያለውን አፈር ውሃው ከሥር እየቦረቦረው ስለሆነ እንኳን ክሬን ፍየልም አይታመንበትም። ችግሩ፣ መደቡ ያለው ወደ ውሃው በሚያወርደው ብቸኛ መንገድ ላይ ነው። ክሬኑ አራት እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠ መንገዱ ተዘጋ። በዚያው መንገድ ደግሞ ከከተማ የነፍስ አድን ጀልባ ተጭኖ እየመጣ ነው። ክሬኑ ተተክሎ ክንዱ ሳይደርስ ቢቀር፣ እግሩን ሰብስቦ እስኪነሳ ድረስ ጀልባው ከኋላው ቆሞ ይመለከታል። ወይ ክሬን ነው ወይ ጀልባ፤ ሁለቱን መሞከር አይቻልም።

ባለክሬኑ ቁጡ፣ አንገተ ደንዳና ሰውዬ ነው። ካቢኑ ውስጥ የተለጠፈውን የክብደት ሰንጠረዥ በጣቱ እየደበደበ፣ «ሰው የጫነ ቅርጫት ይዤ እስከ ሠላሳ አራት ሜትር እዘረጋለሁ» አለ። «ከዚያ ካለፈ ተገልብጬ እኔም እዚያው እገባለሁ። ከመደቡ እስከ ልጁ ስንት እንደሆነ ንገሩኝና ልነሳ ወይ ልቀመጥ።»

ስንት ነው? እዚህ ላይ ሁሉም አፍ አወጣ። አንዱ «ሠላሳም አይሞላ» አለ፣ አንዱ «ኧረ አርባ ነው» አለ፣ የግንበኞቹ አለቃ ደግሞ በአውራ ጣቱ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ አነጣጠረና ጣቱን ወደ ኪሱ መለሰ። ውሃ ላይ ርቀት በዓይን ሲገመት እንዲህ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ወንዝ አለው። ርቀት በጨረር የሚለካው ዘመናዊ መሣሪያ ለጥገና ከሄደ ሰንብቷል።

«በድሮው እናወጣዋለን» አለች ቀያሿ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

የድሮው ማለት ቴዎዶላይት የሚባለው ማዕዘን መለኪያ መነጽር፣ ሜትርና ሁለት ችካል ነው። ሊደረስበት የማይቻልን ነገር ከሁለት ቦታ ሆነህ ታየዋለህ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት በእጅህ ትለካለህ፤ በየቦታው ደግሞ ያ ነገር ከመስመሩ በስንት ዲግሪ እንደሚታይ ታነባለህ። ሦስት ማዕዘኑ ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረውን የሳይን ሕግ ይሠራዋል፤ እያንዳንዱ ጎን ከፊት ለፊቱ ላለው ማዕዘን ሳይን ሲካፈል፣ ሦስቱም ጎኖች አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ። አንዱን ጎን ካወቅህ ሌሎቹ እግር በእግር ተከትለው ይመጣሉ።

አንዱን ችካል መደቡ ላይ፣ የክሬኑ ወገብ በሚዞርበት ቦታ ልክ ምልክት አድርጋ አቆመች። ሌላውን ወንዙን ይዛ ወደ ላይ ሄዳ መታችው። ሜትሩን የሚይዘው ጋሽ ሜትር ነው፤ እውነተኛ ስሙን ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዘወትር ጋሽ ሜትር ከፊት ሄዶ ያነባል። ዛሬ ግን ከውሃው ሲሸሽ ጉልበቱን ስለመታው ከኋላ ተቀምጦ ጫፉን እንዲይዝ ተደረገና፣ ከፊት የክሬኑ ረዳት ገባ፤ ምልክት በማሳየት የሚታወቅ ቀልጣፋ ሰው። የውሃው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። ጋሽ ሜትር ከኋላ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ረዳቱ ሜትሩን ወጥሮ «ሠላሳ!» አለ። አንድ ጊዜ ተሻገሩና ቀሪውን ወጠሩት። «ሃያ አራት ከስድሳ!» አለ። ሃምሳ አራት ሜትር ከስድሳ።

ቀጥላ ቴዎዶላይቱን መደቡ ላይ ተከለች። የላይኛውን ችካል አይታ ዜሮ አደረገችው፤ ከዚያ መነጽሩን ወደ ወንዙ አዞረች። ማሙሽ ዘሎ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አጠገቧ የቆመ ይመስላል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልይ ይዝፈን አታውቅም፣ ከእሱ ሁለቱም አይጠፋም። ሰው ላይ ማነጣጠር አይሆንም፣ ሰው ይወዛወዛል። በግድ ዓይኗን ከፊቱ አንስታ ጣራው ላይ ያለችውን ብርቱካናማ መብራት ያዘች። ስድሳ አንድ ዲግሪ ከሃያ ደቂቃ። ወደ ላይኛው ችካል ሮጠች፣ ተከለች፣ ያችኑ መብራት ያዘች። ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ከአርባ። ሁለቱ ሲደመሩ መቶ፤ ስለዚህ መብራቱ ጋ ያለው ሦስተኛው ማዕዘን ሰማንያ ነው። በጣም ጠባብ ሳይሆን ሰፋ ያለ ማዕዘን ስለሆነ ጥሩ ነው፤ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይቆራረጣሉ።

ሃምሳ አራት ከስድሳን በሠላሳ ስምንት ዲግሪ ከአርባ ሳይን አባዛች፣ ለሰማንያ ሳይን አካፈለች። ካልኩሌተሩ ሠላሳ አራት ነጥብ ስድሳ አራት አለ።

ደግማ ሠራችው። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሠራችው፤ ካልኩሌተር እንደሆነ ልብ የለው፣ አይራራም።

ቁጥሩን ለሳይቱ አለቃ ለኢንጂነሩ ስትነግረው ዓይኑን ማየት አልቻለችም። ባለክሬኑ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «በስድሳ አራት ሳንቲም አልጨክንም ነበር» አለ ዝግ ብሎ፣ «ብረቱ ግን ልመና አይሰማም።» ኢንጂነሩም፣ «በቃ፣ ጀልባውን እንጠብቃለን፤ መንገዱ ክፍት ይሁን» አለ። ክሬኑ ከመንገዱ ዳር ሞተሩን አጠፋ። ያ ዝምታ ከወንዙ ጩኸት በለጠባት።

ወሬ አቀባዩ ብዙ ነው። ጀልባው ደርሷል ይላሉ፣ ኧረ ማዶ ያለው ጅረት አስቁሞታል ይላሉ። ውሃው ግን ወሬ አይጠብቅም። ቅድም የማሽኑ ሰንሰለት ይታይ ነበር፤ አሁን የበሩ እጀታ የለም። አንድ ግንድ መጥቶ ማሽኑን በጎኑ ሲመታው ማሙሽ በሆዱ ተኛ፣ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «ዋይ!» አለ። እናታቸው ትደውላለች፤ ስልኩ በቀያሿ ኪስ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ምን ልትላት ነው? ለካሁት፣ አይደርስም?

እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ሜትሩን አነሳችና መጠቅለል ጀመረች። ጭቃውን በጨርቅ እየጠረገች፣ እየጠቀለለች፣ ወደ ጫፉ ስትደርስ ጣቷ ሻካራ ነገር ነካ። ሜትሩ ከጫፉ ተበጥሶ በሚስማር የተጠገነበት ቦታ ነው። ከተጠገነ ወዲህ ዜሮው አይታመንም። ስለዚህ እሷና ጋሽ ሜትር ሁልጊዜ ከአንድ ሜትር ምልክት ላይ ይዘው ነው የሚጀምሩት፤ ከፊት የሚያነበው ጋሽ ሜትር አንዷን በልቡ ቀንሶ ያለቀለትን ቁጥር ይነግራታል። እሷ የምትጽፈው ያለቀለትን ነው። ለምዳዋለች።

ጣቷ እዚያው ሚስማሩ ላይ ቀረ።

ዛሬ ያነበበው ጋሽ ሜትር አይደለም።

ጋሽ ሜትር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይዟል። ሮጣ ደረሰችበት። «ጋሼ፣ ቅድም ከየት ነው የያዙት? ከዜሮ ነው ከአንድ?»

«ከአንድ ነዋ ልጄ። መቼ ከዜሮ ይዤ አውቃለሁ? ጮኼ ነግሬያችኋለሁ፣ ሁለቴም።»

«ማንም አልሰማዎትም!»

ረዳቱ ደግሞ ያየውን ነው ያነበበው። እሱ ምን ዕዳው ነው፣ የሁለት ሰው ልማድ በራዕይ አይገለጥለት። ሁለት ጊዜ ወጠሩ፣ ሁለት ሜትር ያለ አግባብ ገባ። መስመሩ ሃምሳ ሁለት ከስድሳ ነው። መስመሩ ሲያጥር ሦስት ማዕዘኑ ሙሉ በሙሉ አብሮ ያንሳል፤ ማዕዘኖቹ ቅርጹን እንጂ ትልቅነቱን አይናገሩም። ካልኩሌተሩን አውጥታ እንደገና ሠራችው። ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሠላሳ ሰባት።

ይደርሳል።

መሮጥ ጀምራ ቆመች። አንድ ክፉ ሐሳብ እንደ ብርድ ገባባት። እውነት ስህተት አግኝታ ነው ወይስ ስህተት ፈልጋ? ጣራው ላይ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ሜትሩን እንዲህ ትዳብሰው ነበር? ጋሽ ሜትር ሽማግሌ ነው፣ ደንግጧል፤ በልማዱ ከአንድ ያዝኩ ይበል እንጂ ዛሬ ዜሮውን ይዞ ቢሆንስ? ያኔ ክሬኑ መንገዱን ይዘጋል፣ ክንዱ አይደርስም፣ ጀልባው ከኋላ ይቆማል፤ ወንድሟን የገደለችው እሷ ትሆናለች። ከዚህ ቀደም ቁጥር ፈርታ አታውቅም። አሁን ፈራች፤ ቁጥሩን ሳይሆን ራሷን።

ሄዳ ስትነግረው ኢንጂነሩም ያንኑ ነው ያለው፣ ለስለስ አድርጎ። «ስሚኝ። ቅድም ሠላሳ አራት ከስድሳ አራት አልሽኝ። ጥቂት ቆይተሽ ሠላሳ ሦስት ትይኛለሽ። እህቱ ነሽ። እኔ አንቺን ብሆን አሥር ሜትር እቀንስለት ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔን አይመኑኝ። እኔ አልነካውም። እርስዎ ራስዎ ይለኩ፤ ሜትሩን እርስዎ ያንብቡ፣ ማዕዘኑንም እርስዎ። እኔ እዚያ ፈንጠር ብዬ ቆሜ እጄን አጣምራለሁ።»

ኢንጂነሩ መንገዱን አየ፤ የጀልባው መኪና ገና አይታይም። ወንዙን አየ። «ቶሎ በሉ» አለ።

እውነትም እጇን አጣምራ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ሥራ የለም። ሌላ ሰው መሣሪያዋን ሲነካካ፣ ብሎኑን ወደ ግራ ማዞር ሲገባው ወደ ቀኝ ሲያዞር፣ ዝም ማለት! ባለክሬኑ ራሱ ወርዶ ጫፉን ያዘ፤ ከአንድ ምልክት ላይ፣ ሁሉም አጎንብሶ እያየው። ኢንጂነሩ ከፊት አነበበ። ሠላሳ። ሁሉም ጮኾ ቀነሰ፤ «ሃያ ዘጠኝ!» ቀጥሎ ሃያ አራት ከስድሳ፤ «ሃያ ሦስት ከስድሳ!» ያው ቁጥር ነው፤ ጋሽ ሜትር አልተሳሳተም። ጋሽ ሜትር ራሱ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ ላብ ነው ቢሉት ላብ ነው።

መደቡ ላይ ያለው ማዕዘን አልተለወጠም፤ ስድሳ አንድ ዲግሪ ከሃያ። ከላይኛው ችካል ግን ኢንጂነሩ ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆነ። «ሠላሳ ስምንት ከሃምሳ» አለ።

«ከአርባ ነበር» አለች፤ እጇ ተፈታ።

«ከሃምሳ ነው። ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

ሁለቱም አንድ ነገር ገባቸው፤ ማሽኑ እየተንሸራተተ ነው። ከመደቡ በሚታይበት መስመር ላይ ሆኖ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥልቁ እየሄደ ነው። ኢንጂነሩ አሰላ፤ ሦስተኛው ማዕዘን አሁን ሰባ ዘጠኝ ከሃምሳ ሆኗል። ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሃምሳ አንድ።

«አሥራ አራት ሳንቲም ሄዷል» አለች። «ግማሽ ሜትር አልቀረንም።»

ኢንጂነሩ ወደ ባለክሬኑ ዞሮ እጁን ወደ መደቡ ዘረጋ፤ ባለክሬኑም ያን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ወጣ። ሞተሩ ተነሳ። እግሮቹ አንድ በአንድ ወርደው ኮንክሪቱን ረገጡ። መንገዱ ተዘጋ። ከአሁን በኋላ ጀልባ ብሎ ነገር የለም፤ ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው።

የክሬኑ ረዳት ማንም ሳያዘው ቅርጫቱ ውስጥ ገባና ቀበቶውን አሰረ። «ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለ። ክንዱ ወንዙ ላይ ተዘረጋ፣ ረዘመ፣ ደግሞ ረዘመ። ቀያሿ ወደ ወንዙ ማየት አልቻለችም፤ የክሬኑን የኋላ እግር ነው የምታየው። ያ እግር ከኮንክሪቱ ላይ በፀጉር ያህል ከተነሳ ቁጥሯ ውሸት ነው። ባለክሬኑ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ከስክሪኑ ላይ ያነብላታል፣ ሳትጠይቀው። «ሠላሳ ሁለት! ሠላሳ ሦስት! ሠላሳ ሦስት ተኩል!» እዚያ ላይ ክንዱ ቆመ።

እግሩ አልተነሳም።

ከዳሩ የተነሳው ጩኸት ነው የነገራት። ቀና ስትል ቅርጫቱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። ከሥራቸው የማሽኑ ጣራ ዘንበል አለ፣ ብርቱካናማዋ መብራት ውሃ ነካች፣ ከዚያ ማንም ወደዚያ ያየ የለም።

ማሙሽ መሬት ሲረግጥ ሰው ከበበው። እሷ ሰው እየገፈተረች ደረሰችና፣ ልታቅፈው የዘረጋችውን እጅ አንስታ ደረቱን በቡጢ መታችው። ከዚያ አቀፈችው። ከዚያ ዓይኗ መሬት ላይ አረፈ። ባዶ እግሩን ነው።

«ጫማህስ?» አለችው።

«አውልቄው ነው።»

«ለምን?»

«ሜትሩን ስትጠቀልይ አየሁሽ።» ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ለክታ ከጠቀለለች ክሬኑ አይደርስም ማለት ነው አልኩ። ልዋኝ ተዘጋጀሁ። ልዘል ስል ደግሞ ተመልሳችሁ ዘረጋችሁት፤ ግራ ገባኝና ቆየሁ።»

«አንተ መቼ ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም» አለ ማሙሽ። «ግን እታለም፣ አንቺ ስትለኪ ተሳስተሽ አታውቂም።»

ቀያሿ ተንበርክካ ጭቃ የለበሰውን እግሩን በሁለት እጇ ያዘች፤ ስልኩ ኪሷ ውስጥ መንዘፍዘፍ ሲጀምርም አልለቀቀችውም።